ከ20 ውርወራ 9 ሲገባ

ለአንድ አማተር የቅርጫት ኳስ ቡድን ውጤት መዝጋቢ ነበርኩ። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ የተጫዋቾቹን የሦስት ነጥብ ውርወራ በመቶኛ አስልቼ ለአሰልጣኙ እሰጣለሁ። ውድድሩ ሲጋመስ ስማቸውን እንደ በመቶኛቸው ከላይ ወደ ታች ደረደርኩት። አንደኛ የወጣው አንድ ተቀያሪ ልጅ ነበር፤ 20 ወርውሮ 9 አግብቷል፣ 45 በመቶ። የእሱን ቦታ የያዘው ቋሚ ተሰላፊ ደግሞ 100 ወርውሮ 34 አግብቷል፣ 34 በመቶ።

አሰልጣኙ «እርግጠኛ ነህ?» ሲለኝ «ቁጥሩ ይኸው» ብዬ ወረቀቱን አሳየሁት። ተቀያሪው ቋሚ ሆነ። በቀጣዮቹ ጨዋታዎች 40 ወርውሮ ያስገባው 12 ብቻ ነው፣ 30 በመቶ። ከልቤ ያልወጣው ግን ወደ ተቀያሪ ወንበር የወረደው ልጅ ነው። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ መጥቶ «ምን አጠፋሁ?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ።

የዚያን ዕለት ማታ ሦስት እኩል ወረቀት ቆርጬ አንዱ ላይ «ገባ» ብዬ ጻፍኩና ሦስቱንም አጣጥፌ ኩባያ ውስጥ ከተትኩ። አንድ ዕጣ አውጥቼ አያለሁ፣ ወደ ኩባያው እመልሳለሁ፣ በጥብጬ እንደገና አወጣለሁ። የዚህ «ተጫዋች» እውነተኛ ችሎታ ይታወቃል፤ ከሦስት አንድ፣ ማለትም 33 በመቶ ነው። 20 ጊዜ አውጥቼ «ገባ» ስንት ጊዜ እንደወጣ መዘገብኩ። ይህን አሥር ዙር ደጋገምኩት። ያገኘሁት እንዲህ ነው፦ 7፣ 5፣ 9፣ 6፣ 4፣ 8፣ 7፣ 10፣ 6፣ 5። ያው ኩባያ በአንዱ ዙር 20 በመቶ፣ በሌላው 50 በመቶ ሆኗል። አሥሩ ዙሮች አሥር ተጫዋቾች ቢሆኑ ኖሮ ባለ 10ሩን አሰልፌ ባለ 4ቱን አስቀምጥ ነበር፤ በመካከላቸው ግን ቅንጣት የችሎታ ልዩነት የለም።

ደርድሬ የሰጠሁት ዝርዝር ስህተቱ የገባኝ ያኔ ነው። ጥቂት የወረወረ ሰው በመቶኛው በዕድል ብቻ ወደ ላይም ወደ ታችም ርቆ ይሄዳል። ስለዚህ የዝርዝሩን ጫፍና ጫፍ የሚይዙት አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት የወረወሩት ናቸው፤ ብዙ የወረወሩት መሃል ላይ ይሰበሰባሉ። መወላወሉን በቁጥር ለማየት ይህን ቀመር እጠቀማለሁ፦

```
sqrt(p * (1 - p) / n)
```

p የማስገባት ዕድሉ፣ n የውርወራው ብዛት ነው። የ34 በመቶ ተጫዋች በ20 ውርወራ ወደ 11 የመቶኛ ነጥብ ገደማ፣ በ100 ውርወራ ወደ 5 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ከእውነተኛው ችሎታው ቢርቅ የሚያስገርም አይደለም፤ አንዳንዴም የዚህን እጥፍ ይርቃል። ክፍተቱን በግማሽ ለመቀነስ የውርወራው ብዛት አራት እጥፍ መሆን አለበት። ቀመር ለማይወድ ሰው ቀላሉ መፈተኛ ደግሞ አለ፦ አንድ ኳስ ተጨማሪ ቢገባ በመቶኛው በስንት ይቀየራል? በ20 ውርወራ አንዷ ኳስ 5 የመቶኛ ነጥብ ታወጣለች። ሁለቱ ልጆች መካከል የነበረው የ11 ነጥብ ልዩነት ከሁለት ኳስ ብዙም አይበልጥም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ደረጃ ስሠራ ለእያንዳንዱ ተጫዋች በቡድኑ አማካይ 50 የታሰበ ውርወራ እጨምርለታለሁ። የቡድናችን አማካይ 34 በመቶ ስለነበር፣ ከ50ው 17 እንደገባ ይቆጠራል። ተቀያሪው ከ70 ውርወራ 26 አግብቶ 37 በመቶ ይሆናል፤ ቋሚው ከ150 ውርወራ 51 አግብቶ 34 ላይ ይቆያል። 45 ለ 34 የነበረው ልዩነት 37 ለ 34 ሆነ። በዚህ ብቻ ልጁን ከቋሚነት አላወርደውም ነበር። 50 የመረጥኩት ቁጥር ነው፤ 30 ወይም 80 ብሎ መሥራትም ይቻላል፣ ዋናው ነገር ለሁሉም እኩል መሆኑ ነው። ኤንቢኤ በዚህ ፈንታ በር ላይ ያጣራል፦ በሦስት ነጥብ በመቶኛ የዓመቱ አንደኛ ለመባል ቢያንስ 82 ማስገባት ይጠይቃል።

ሁሉንም ነገር በዕድል ማሳበብ ግን አልፈልግም። የተቀያሪውን 20 ውርወራዎች መልሼ ሳያቸው 12ቱ ከማዕዘን፣ ማንም ሳይከላከለው የተወረወሩ ነበሩ። ቋሚ ሲሆን የተጋጣሚ ጠንካራ ተከላካይ እሱ ላይ ይቆም ጀመር። ይህን ደግሞ የውርወራ ብዛት ብቻውን አያስተካክለውም፤ ሺህ ቢወረውር እንኳ የሁለት ዓይነት ውርወራ ድብልቅ ነው። ስለዚህ አሁን መዝገቤ ላይ ከማዕዘንና ከሌላ ቦታ፣ ተከላካይ ያለበትና የሌለበት እየተለየ ይጻፋል። በመቶኛው ብቻውን አይገባም፤ ከጎኑ «9 ከ20» ተብሎ ይቀመጣል። ያን ልጅም ጠርቼ ምንም እንዳላጠፋ፣ የእሱን 34 ከሌላው 45 ጋር ያወዳደርኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት፤ ወረቀቶቹንና ኩባያውንም አሳየሁት።