ዐረፋ ላይ ማረፍ

ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ ስኳር ልገዛ ወጥቼ ባለሱቁ መልሱን እየቆጠረ «ሐጂ፣ ዘንድሮ ዐረፋ መቼ ይውላል ይላሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጨረቃዋ ገና ስላልታየች እርግጠኛ ቀን ልሰጠው እንደማልችል ነግሬው ወጣሁ። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እንደከበደ ነበር፤ እኔም እንደ ሰማዩ ነበርኩ። «ሐጂ» በተባልኩ ቁጥር ውስጤን የሚነካኝ ነገር ዛሬ ከወትሮው ጠንክሮ ተሰማኝና ቤት እስክደርስ ድረስ የማስበው ስለዚያ አንድ ከሰዓት ብቻ ሆነ።

እኛ አገር በዓሉን በሙሉ «ዐረፋ» ብለን እንጠራዋለን። የምናርደውና የምንጠያየቀው ግን በዙልሒጃ 10ኛው ቀን ነው፤ የዐረፋ ቀን የሚባለው ከዚያ አንድ ቀን ቀድሞ የሚውለው 9ኛው ነው። በልጅነቴ ይህን ስሕተት ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን በዓሉን በዋዜማው ስም የጠሩት አባቶቻችን የነገሩን እምብርት በትክክል የያዙ ይመስለኛል፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) «ሐጅ ዐረፋ ነው» ብለዋልና። ጠዋፉም፣ በሶፋና በመርዋ መካከል የሚደረገው ሰዕይም፣ ጠጠር ውርወራውም ሁሉም የራሱ ቦታ አለው። ነገር ግን ከእነዚህ መካከል ጊዜው ካለፈ በምንም ሊካካስ የማይችለው በዐረፋ መገኘት ብቻ ነው። በ9ኛው ቀን ፀሐይ ከአናት ዘንበል ካለችበት ጊዜ አንሥቶ የ10ኛው ቀን ጎሕ እስኪቀድ ድረስ ለአንድ አፍታ እንኳ ሜዳው ላይ ያልተገኘ ሰው የዚያ ዓመት ሐጁ አምልጦታል፤ ዑምራ አድርጎ ከኢሕራሙ ይወጣል፣ በሌላ ዓመትም ይመለሳል።

እዚያ ሄዶ ምን ይደረጋል ቢባል፣ የሚደረግ ነገር የለም ማለት ይቀላል። ዙህርና ዐስር አንድ ላይ ተጠቃልለውና አጥረው ይሰገዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይ እስክትጠልቅ ያለው ጊዜ ለዱዓ ክፍት ነው። የሚዞሩት ቤት፣ የሚሳለሙት ድንጋይ፣ የሚወረወር ጠጠር የለም። ስሙም «ዉቁፍ» ነው፤ መቆም ማለት ነው። በእግር መቆም ግን ግዴታ አይደለም፤ የተቀመጠም የተጋደመም ቆመ ይባላል። ነቢዩ ራሳቸው በ10ኛው ዓመተ ሒጅራ ባደረጉት የስንብት ሐጅ ከተራራው ግርጌ ካሉት ድንጋዮች አጠገብ ግመላቸው ላይ እንደተቀመጡ ወደ ቂብላ ዞረው ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆዩ። ሰዎች ጾመኛ ናቸው አይደሉም ብለው ሲጠራጠሩ ኡሙል ፈድል አንድ ዋንጫ ወተት ላኩላቸው፤ እሳቸውም ሁሉም እያያቸው ጠጡት። ሐጅ ላይ ያልሆነ ሰው በየአገሩ የሚጾመውን ያን ቀን ሐጅ ላይ ያለው ሰው አይጾምም። ከእርሱ የሚፈለገው ጉልበቱን ይዞ እዚያ መገኘቱ ነው።

ሰባኪዎች የሐጅን ሥርዓት ሲያብራሩ እያንዳንዱን ነገር ለአንድ ትርጉም ያስሩታል፤ ኢሕራሙ ከፈን ነው፣ ጠጠሩ ሸይጧን ነው፣ ሰዕዩ የሐጀር ሩጫ ነው ይላሉ። ሐሰት አይደለም። ለዐረፋም የትንሣኤ ቀን ምሳሌ ነው የሚል ማብራሪያ አለ፤ ሜዳውን ያየ ሰውም አይክደውም። እኔን ግን ከዚህ ይልቅ የያዘኝ የቦታው አቀማመጥ ነው። ዐረፋ ከመካ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሐረም ወሰን ውጭ ይገኛል። የሐጅ ምሰሶ የሆነው ሥርዓት የሚፈጸመው ከተቀደሰው ክልል ውጭ ነው ማለት ነው። ከእስልምና በፊት ቁረይሾች ይህን አይቀበሉም ነበር። «እኛ የሐረሙ ሰዎች ነን፣ ከወሰኑ አንወጣም» ብለው ሙዝደሊፋ ላይ ይቀሩ ነበር፤ ሌላው ዐረብ ሁሉ ወደ ዐረፋ ሲሄድ እነርሱ ወደ ኋላ ይቆማሉ። ጁበይር ኢብን ሙጥዒም የጠፋበትን ግመል ሊፈልግ ዐረፋ ድረስ ሄዶ ነቢዩን ከሕዝቡ ጋር ቆመው ቢያገኛቸው «ይህ ሰውማ ከእኛ ወገን ነው፣ እዚህ ምን ይሠራል?» ብሎ ተገረመ። ቁርኣንም በሱረቱል በቀራ «ሰዎች ከሚጎርፉበት ስፍራ ጉረፉ» ሲል ያን ልዩ መብት አነሣው። የቤቱ ጠባቂ ነኝ የሚለውም ከቤቱ ወጥቶ ከመንገደኛው ጋር መቆም ግድ ሆነበት።

ወሰኑም በግምት የሚታለፍ አይደለም። ነቢዩ ዐረፋ በሙሉ መቆሚያ መሆኑን ተናግረው ከዑረና ሸለቆ ግን ራቁ ብለዋል። ሸለቆው ከሜዳው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዓይን አይለየውም። ይባስ ብሎ የነሚራ መስጊድ ፊተኛው ክፍል ያረፈው በዚህ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ የመስጊዱ የኋላ ክፍል ግን ዐረፋ ውስጥ ነው። ኹጥባውን ለመስማት ማልዶ ሄዶ የፊተኛውን ሶፍ የያዘ ሰው እዚያው ሲያለቅስና ሲለምን ውሎ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ሙዝደሊፋ ቢነሣ፣ በዚያም ሌሊት ወደ ሜዳው ካልተመለሰ፣ ሐጅ የለውም። ስለዚህ የወሰኑን ትልልቅ ቢጫ ሰሌዳዎች አይቶ ማረጋገጥ ከማንኛውም ዱዓ ይቀድማል። ተራራው ላይ መውጣት ግን ከሥርዓቱ አይደለም፤ ጀበለ ረሕማ ላይ በዚያ ሙቀት የሚጋፉትን አረጋውያን ባየሁ ጊዜ ይህን የሚነግራቸው ሰው ባለመኖሩ አዝኜ ነበር።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልምጣ። የሄድኩት በ1445 ዓመተ ሒጅራ፣ በእኛ ሰኔ 2016 ዓ.ም. ነው። ከ1,300 በላይ ሰዎች የሞቱበት ያ የሙቀት ዓመት ነው፤ አብዛኞቹም ያለ ፈቃድ ገብተው መጠለያ ያልነበራቸው ነበሩ። እኔ ድንኳን ነበረኝ፤ ድንኳኑም ማቀዝቀዣ ነበረው። እጄ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ደብተር ነበረች። ከቤት ስወጣ ዘመድና ጎረቤት «ዐረፋ ላይ ስሜን አንሣልኝ» ያሉኝን ሁሉ እናቴ ስታስጽፈኝ 37 ሰው ሞላ፤ የታመመ አለ፣ ልጅ የተነፈገ አለ፣ ዐረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ የጠፋ የጎረቤት ልጅ አለች። ሁለቱን ሶላት ሰግደን ጨረስን። ቁጭ ብዬ ከላይ ጀመርኩ። እያንዳንዱን ስም ስጠራ የሰውዬውን ፊት ለማየት እየሞከርኩ አሥራ አንደኛው ላይ ደረስኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ድንኳን ተጋሪዬ ትከሻዬን ነቅንቆ «ተነሥ ወንድሜ፣ ፀሐይዋ እየገባች ነው» ሲለኝ ነው።

ሦስት ሰዓት ያህል ተኝቻለሁ። ከሚና ሌሊቱን ስንጓዝ አላሸለብኩም ነበር፤ ሰበቡ ይህ ነው። ወጥቼ ፀሐይዋን ሳያት ከመሬት ብዙም አትርቅም፤ ዙሪያዬን ያለው ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ይንሰቀሰቃል። ደብተሩን ገልጬ የቀሩትን 26 ስሞች አነበብኳቸው። አነበብኳቸው ነው የምለው፤ ፊት ለማየት ጊዜ አልነበረም። የጎረቤታችን ልጅ ስም ሠላሳኛው አካባቢ ነበር፤ እሱን ስጠራ ትዝ ያለኝ የእርሷ ፊት ሳይሆን የቀረኝ ስም ብዛት ነው።

ከተመለስኩ በኋላ አንድ ሸይኽ ዘንድ ሄጄ ሳልደብቅ ጠየቅኩ። ሊቃውንቱ ራሱን የሳተ ሰው ላይ ይለያያሉ፤ የተኛ ሰው ግን ቆሟል፣ ሐጅህ ምሉእ ነው አሉኝ። ቀጥለውም የዑርዋ ኢብን ሙደሪስን ነገር አጫወቱኝ። ይህ ሰው ከጠይእ ተራሮች ተነሥቶ ግመሉን አድክሞ፣ ራሱንም አልፍቶ መጣ። መቆሚያው የት እንደሆነ በውል ስላላወቀ ያገኘው ኮረብታ ሁሉ ላይ እየቆመ ሲያልፍ ቆይቶ በመጨረሻ ነቢዩን ሙዝደሊፋ ላይ በፈጅር ሶላት ጊዜ አገኛቸውና «ሐጅ አለኝን?» ሲል ጠየቃቸው። እሳቸውም ይህን ሶላት ከእኛ ጋር የተገኘ፣ እስክንነሣም ድረስ ከእኛ ጋር የቆመ፣ ከዚያ በፊትም በሌሊትም ሆነ በቀን ዐረፋ ላይ የቆመ ሰው ሐጁ ተሟልቷል አሉት። ምን አሰብህ፣ ስንት ጊዜ አለቀስህ ብለው አልመረመሩትም። ሸይኹ ይህን ያወሩኝ ሊያጽናኑኝ ነው፤ ተጽናንቻለሁም። ሆኖም ዑርዋ ግመሉን እስኪያደክም የፈለገው ቦታ ነው፤ እኔ ቦታውን በአውቶቡስ ደርሼበት ተኛሁበት።

በዐረብኛ «ዐረፈ» ዐወቀ ማለት ነው። ስለ ቦታው ስም ከሚተረኩት አንዱ አደምና ሐዋ ከተለያዩ በኋላ እዚያ ተገናኝተው ተዋወቁ ይላል፤ ሌላው ጂብሪል ለኢብራሂም ሥርዓቱን እያሳየ «ዐወቅህን?» ይለው ነበር ይላል። በእኛ ቋንቋ ግን «ዐረፈ» ከድካሙ ተገላገለ ማለት ነው፤ ለሞተም ሰው እንለዋለን። በእነዚህ ሁለት ትርጉሞች መካከል ያለው ርቀት ያን ከሰዓት የኔው ሆኖ ይሰማኛል።

ያኔ እናቴ አዲስ አበባ ጾመኛ ነበረች። በኋላ እንደነገረችኝ ከዐስር እስከ መግሪብ ከመስገጃዋ አልተነሣችም፤ «አሁን ልጄ ቆሟል፣ አሁን ይጠራቸዋል» እያለች እነዚያኑ 37 ሰዎች አንድ በአንድ ከእኔ ጋር ስትጠራ ነበር። ፊደል ስለማትቆጥር ወረቀት አልያዘችም፤ ሁሉንም በልቧ ታውቃቸዋለች። በስልክ ይህን ስትነግረኝ የሙዝደሊፋ ጠጠር ገና በመቀነቴ ውስጥ ነበር። «አንተስ ሁሉንም አዳረስክ?» ስትለኝ «አዎ እማዬ» አልኳት። መልሱ ውሸት አልነበረም፤ ስሞቹን በሙሉ ጠርቻለሁና።

ፊቅሁ ዐረፋ ላይ የቆምኩት እኔ መሆኔን ያውቃል፤ እናቴ አልቆመችም፣ ሐጅም የለባትም የላትምም። እኔ ግን ያቺ ድምፅዋ የጠፋች ልጅ በስምንተኛው ወር ስትደውል፣ እናትየው ቤታችን መጥታ እያለቀሰች እጄን ስትስም፣ እናቴም ከጎኔ ቆማ በኩራት ስታየኝ፣ የማን ዱዓ እንደነበረ መናገር አቃተኝ። መተኛቴን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ብነግራት የምደሰትበት ቅንነት ለእኔ ነው ወይስ ለእርሷ? ወይስ ዘንድሮ በዘጠነኛው ቀን ጾሜ፣ ከጎኗ ተቀምጬ፣ ከአሥራ ሁለተኛው ስም ልጀምር?