ቆማ የምትተኛው ታንኳ

ዘጌ ላይ የማደር ሐሳብ አልነበረኝም። ጠዋት ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዤ ደረስኩ፤ ገዳማቱን አይቼ ልመለስ ነበር። ጣና ግን ጠዋትና ከሰዓት ጠባዩ ለየቅል ነው። ረግቶ ያደረው ውሃ ከምሳ በኋላ ነፋስ ተነሳበትና አረፋ ይደፍቅ ጀመር። ባለጀልባው ሰማዩን ቀና ብሎ አየና፣ "ዛሬስ አይሆንም" አለኝ።

ቡናው ጫካ ውስጥ ያለ አንድ ቤት አሳደሩኝ። ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የቤቱ ትንሽ ልጅ አልተኛም አለች። አራት ዓመት ቢሆናት ነው። አያቷ ድሮ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ጋቢያቸው ውስጥ ሸጎጧት።

"ተረት ተረት!"

"የላም በረት!"

"አንዲት ትንሽ የደንገል ታንኳ ነበረች። አንድ ቀን ቆሮሶና አምባዛ ጭና ወደ ቤቷ ስትመለስ ነፋሱ መጣ። ሞገዱ በጎኗ ሊመታት ሲል፣ ምን አደረገች?"

"አለቀሰች!"

"የለም። አፍንጫዋን ወደ ሞገዱ አዞረች። በጎን ከመጣባት ይገለብጣታላ! ከዚያ ሽቅብ ወጣች፣ ቁልቁል ወረደች። ሽቅብ... ቁልቁል..."

ሽቅብ ሲሉ ልጅቷን በጉልበታቸው ከፍ፣ ቁልቁል ሲሉ ዝቅ ያደርጓታል። የገረመኝ ድምፃቸው ነው። እኔ ብሆን ማዕበሉ ሲብስ እጮህ ነበር። እሳቸው ግን ነፋሱ በበረታ ቁጥር ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

"ውሃ ገባባት?" አለች ልጅቷ።

"ገባባት እንጂ።"

"ሰመጠች?"

"ደንገል እኮ ነች። ውስጡ አየር ነው፤ ውሃ ቢገባባትም ትንሳፈፋለች። ግን ጠጣች፣ ጠጣች፣ ከበዳት። እየከበዳት፣ ቀስ... ቀስ... እናትሽ ዳር ላይ ኩራዝ አብርታ ነበር፤ እሱን እያየች ደረሰች።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ባለቤቷ አወጣትና ዛፍ ላይ አስደግፎ አቆማት። ታንኳ ቆማ ነው የምትተኛው። ከተጋደመች ውሃው አይወጣላትም፣ ትበሰብሳለች።"

ልጅቷ ዓይኗ እየተከደነ ሳቀች። "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" ሲሉ የመለሰ የለም።

ነገሩ እውነት ነው። በኋላ ስጠይቃቸው፣ ታንኳ ከውሃ በወጣች ቁጥር ካልደረቀች ቶሎ እንደምትሞት ነገሩኝ። ብትደርቅም ዕድሜዋ አጭር ነው፤ ሲያረጅባቸው አዲስ ደንገል አጭደው ሌላ ያስራሉ። ይሄን ለልጅቷ አልነገሯትም።

ጠዋት ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ጣና ጭጭ ብሏል። ሁለት ታንኳዎች ዋርካ ተደግፈው ቆመዋል፤ ከታች ካሉት እስሮች ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። አንዷን ልነካ እጄን ስዘረጋ ልጅቷ ከኋላዬ መጣችና ጣቷን አፏ ላይ አደረገች።

"እሽሽ... ገና አልነቃችም።"