መብራት፣ ጀነሬተርና ሶላር በአንድ ሳጥን፦ አራቱ ኮንታክተሮች እንዴት እንደተቆላለፉ

ሳጥኑ ግድግዳ ላይ ወጥቶ እየሠራ ነው። ጎንደር፣ አዘዞ ያለው ቤታችን አሁን ከሦስት ቦታ ኃይል ያገኛል፦ ከከተማው መስመር፣ ከትንሿ የቤንዚን ጀነሬተር፣ እና ጣሪያ ላይ ካለው ሶላር በኢንቨርተር በኩል። መብራት ሲሄድ ማንም ተነስቶ ማብሪያ መቀየር አይጠበቅበትም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ብዙ ጊዜ ስለወሰዱብኝ ሁለት ነገሮች ነው። አንዱ፣ ሁለት ምንጮች በምንም ምክንያት እንዳይገናኙ ማድረግ። ሌላው፣ ደካማ መብራትን ከደህናው መለየት።

ለብቻው የሚሠራ ኢንቨርተር ከመስመሩ ጋር በቀጥታ ከተጋጠመ አብዛኛውን ጊዜ ይቃጠላል። ይህ የገንዘብ ጉዳት ነው። የጀነሬተሩ ግን ከዚህ ይብሳል። ጡረታ የወጡ የመስመር ሠራተኛ ጎረቤት አሉን። ሥራውን ስጀምር መጥተው አዩና «ልጄ፣ ምሰሶ ላይ የወጣው ሰው መብራት የለም ብሎ ነው ሽቦውን የሚይዘው» አሉኝ። ትራንስፎርመር በሁለቱም በኩል ይሠራል። ከቤት በኩል የጀነሬተሩ 220 ቮልት ከገባበት በወዲያኛው በኩል እስከ 15 ሺህ ቮልት ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ምንጮች እንዳይገናኙ የሚከለክለው ቁልፍ በሽቦ ብቻ ሳይሆን በአካልም መሆን አለበት።

ምንጮቹን የሚያስገቡት ኮንታክተሮች ናቸው፤ ኮይላቸው ኃይል ሲያገኝ ብረት ስቦ መስመሩን የሚያገናኝ ማብሪያዎች። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው የሜካኒካል ኢንተርሎክ ሁለት ጎን ለጎን የቆሙ ኮንታክተሮችን ነው የሚያቆላልፈው። አንዱ ሲገባ ሌላው እንዳይገባ በመሀል ያለችው ዘንግ ትገፋዋለች። ሦስት ኮንታክተር በአንድ ረድፍ ብታቆሙ አንደኛውና ሦስተኛው ዘንግ አያገናኛቸውም። በመካከላቸው የሚቀረው የሽቦ ቁልፍ ብቻ ነው። እኔ ይህን አልፈለግሁም። ስለዚህ በሦስት ፈንታ አራት ኮንታክተር ገዛሁና ሁለት ጥንድ አደረግኋቸው።

የመጀመሪያው ጥንድ ኬ1 እና ኬ2 ነው። ኬ1 መብራትን፣ ኬ2 ጀነሬተርን ያስገባል፤ የሁለቱ መውጫ አንድ ነው። ያ መውጫ ወደ ሁለተኛው ጥንድ ይሄዳል። እዚያ ኬ3 ከመጀመሪያው ጥንድ የመጣውን ይቀበላል፣ ኬ4 ደግሞ ኢንቨርተሩን። እያንዳንዱ ጥንድ የራሱ ዘንግ አለው። አሁን ከሦስቱ ምንጮች የትኞቹንም ሁለቱን ብትወስዱ፣ እንዳይገናኙ የሚከለክላቸው ብረት በመካከላቸው አለ። በየኮንታክተሩ ፌዙን በመጀመሪያው፣ ኒውትራሉን በሦስተኛው ፖል አሳልፌያለሁ፤ መሀሉ ባዶ ነው። ኒውትራል የግድ አብሮ መቆረጥ አለበት፤ የኢንቨርተሩ ኒውትራል ከመስመሩ ኒውትራል ጋር ከተገናኘ ብዙ ኢንቨርተር ስህተት እያለ ይጠፋል። የመሬት ሽቦው ግን በፍጹም አይቆረጥም።

ምጣዱ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ሦስት ኪሎ ዋት አካባቢ የሚስበውን ምጣድ ኢንቨርተሩም ጀነሬተሩም አይችሉትም። ስለዚህ ከኬ1 በፊት፣ ከመስመሩ ብቻ፣ በራሱ ብሬከር ይወስዳል። ጀነሬተር ስትገዙ ደግሞ ከፍታውን አትርሱ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ከተጻፈበት ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል።

አንዳንዶች «ሜካኒካሉ ካለ የሽቦው ቁልፍ ለምን?» ይላሉ። ያስፈልጋል። ኬ1 ኮንታክቱ ተጣብቆ ቀረ እንበል። መብራት ሄደ፣ ጀነሬተር ተነሳ። ዘንጓ ኬ2ን ትከለክለዋለች፣ ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን የኬ2 ኮይል ኃይል አግኝቶ ብረቱን መሳብ ካልቻለ እያጉረመረመ ይግላል። የኤሲ ኮይል ብረቱ እስኪዘጋ ድረስ የሚስበው ከረንት ከዘጋ በኋላ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ስለሆነ በጥቂት ጊዜ ይቃጠላል። ለዚህ ነው የኬ2 ኮይል ሽቦ በኬ1 ረዳት ኮንታክት፣ ኬ1 ሲገባ በሚከፈተው በ21 እና 22፣ የሚያልፈው። ኬ1 ካልተከፈተ የኬ2 ኮይል ምንም አያገኝም። በተገላቢጦሹም እንደዚሁ። ሁሉም ኮይል የሚጠጣው ከራሱ ምንጭ፣ ከኮንታክተሩ መግቢያ በኩል ነው።

አሁን ወደ ደካማው መብራት። ብዙ ሰው የኬ1ን ኮይል በቀጥታ ከመስመሩ ያስረውና «መብራት ሲሄድ ይለቃል» ብሎ ይተወዋል። ሲጠፋ በእርግጥ ይለቃል። ሲዳከም ግን አይለቅም። ለኮንታክተር በወጣው ደረጃ መሠረት ኮይሉ ከተጻፈበት ቮልቴጅ 85 በመቶ ላይ የግድ መሳብ አለበት፤ መልቀቅ የሚጠበቅበት ግን ከ75 እስከ 20 በመቶ ባለው ውስጥ ነው። የ220 ቮልት ኮይል ከሆነ፣ ለመሳብ 187 ቮልት ይበቃዋል፣ ከያዘ በኋላ ግን እስከ 44 ቮልት ይዞ ቢቆይ ጥፋት የለበትም። እኛ ሰፈር ማታ፣ ሁሉም ቤት እራት ሲያበስል፣ 162 ቮልት ለክቻለሁ። ቮልቴጅ የሚቀንስና የሚጨምር ትራንስፎርመር፣ ቫሪያክ፣ ተውሼ ኬ1ን ሞከርኩት፤ ቀስ ብዬ ስቀንስ የለቀቀው 105 ቮልት ገደማ ላይ ነው። ይህ ማለት ኢንቨርተሩ ሙሉ ባትሪ ይዞ እያለ ፍሪጃችን በ162 ቮልት ሲቃትት ያመሽ ነበር። ከታች ወደ ላይ ስጨምርም፣ ከመሳቡ ትንሽ ቀደም ብሎ ቶሎ ቶሎ እየተመታ ይንቀጠቀጣል። ኮንታክት የሚጣበቀው በዚህ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ዳኝነቱን ከኮይሉ ወስጄ ለቮልቴጅ መከላከያ ሪሌይ ሰጠሁት። ከ185 በታች ወይም ከ250 በላይ ሲሆን ይቆርጣል፣ ተመልሶ ለማገናኘት 180 ሰከንድ ይጠብቃል። እሱ አንዲት ትንሽ ባለ ሁለት ኮንታክት ሪሌይ ያዛል። መብራቱ ደህና ሲሆን አንዱ ኮንታክት ተዘግቶ ለኬ1 ኮይል ኃይል ያሳልፋል፣ ሌላው ተከፍቶ የኬ2ን ኮይል መንገድ ይቆርጣል። ያለ እሷ ጀነሬተር እየሠራ መብራት ቢመጣ፣ ቀድሞ የገባው ኬ2 ቦታውን አይለቅም ነበር። ሁለተኛው ጥንድም በሌላ ትንሽ ሪሌይ በዚሁ መንገድ ይታዘዛል፤ ከመጀመሪያው ጥንድ ኃይል ካለ ኬ3፣ ከሌለ ኬ4። ጀነሬተሩን በገመድ የምናስነሳው እኛው ነን፤ ኬ2 የሚገባው ሞተሩ እንዲረጋጋ ታይመሩ 30 ሰከንድ ከቆጠረ በኋላ ነው። ለፍሪጁ ብቻ የራሱን ማዘግያ ጨመርኩ። ከመብራት ወደ ኢንቨርተር ሲዘል ኮምፕረሰሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስላልወረደ ወዲያው መነሳት ያቅተዋል፣ ኢንቨርተሩንም ያስጨንቃል።

ሥራ ከማስጀመሬ በፊት የፈተሽኩት እንዲህ ነው። ሦስቱም ምንጮች ጠፍተው፣ አለመኖራቸው በየመግቢያው በቴስተር ተረጋግጦ፣ ኬ1ን በእጅ ተጫንኩና ኬ2ን ለመጫን ሞከርኩ፤ አልገባም። በሁለተኛው ጥንድም ደገምኩት። ቀጥሎ መስመሩ እንደጠፋ ኬ1ን በደረቅ እንጨት ተጭኜ፣ ልክ እንደተጣበቀ ቆጥሬ፣ ወንድሜ ጀነሬተሩን አስነሳ። 30 ሰከንዱ ካለፈ በኋላ በኬ2 ኮይል ሁለት ጫፎች ላይ ለካሁ፤ ዜሮ። እንጨቱን ሳነሳ ኬ2 ወዲያው ገባ። ይህን ሙከራ የምትደግሙ ከሆነ የቤቱን ብሬከሮች በሙሉ አጥፉ። አንዱን ምንጭ ማጥፋት ሳጥኑን ከኃይል ነጻ እንደማያደርገውም አስቡ፤ ኮይሎቹ ከሦስት ቦታ ነው የሚመገቡት። ይህንን በቀይ ቀለም ክዳኑ ላይ ጽፌዋለሁ።

የቀረኝ የባትሪ ቻርጀሩ ነው። ክረምት ላይ ፀሐይ ስለሚያጥር ከመብራት ወይም ከጀነሬተር መሙላት ይኖርብኛል። ሶኬቱን የማወጣው ከመጀመሪያው ጥንድ መውጫ፣ ከኬ3 በፊት ነው። ከቤቱ መስመር ከወሰድኩት ኬ4 ሲገባ ባትሪው በኢንቨርተሩ በኩል ራሱን ሊሞላ እየሞከረ ያልቃል። ሰኔ ሳይገባ ለመጨረስ አስቤያለሁ።