ሪሌዩ ጭጭ አለ፦ ከብሬድቦርድ ወደ ፒሲቢ የመጀመሪያ ሙከራዬ

ብሬድቦርድ ላይ ሦስት ሳምንት ያለ ችግር ስትሠራ የነበረችው የፓምፕ ታይመሬ በመጨረሻ ፒሲቢ ሆናለች። የመጀመሪያው ቀን ላይ ግን ሪሌዩ ጭጭ አለኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ቦርዱን የሣልኩበት ሶፍትዌርም አንዴ እንኳ ስላላስጠነቀቀኝ ነገሩን ላካፍላችሁ ብዬ ነው።

ሰርኪዩቱ ቀላል ነው። የማይክሮኮንትሮለሩ D7 ፒን በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል የ2N3904 ትራንዚስተርን ቤዝ ይነዳል፣ ትራንዚስተሩ ደግሞ የ5 ቮልት ሪሌይ ያበራል።

ስኬማቲኩን የሣልኩት ከጭንቅላቴ አይደለም። ብሬድቦርዱን ፎቶ አንስቼ፣ እያንዳንዱን ሽቦ ስስል ፎቶው ላይ በቀለም እየሰረዝኩ ነው የሄድኩት። አሠራሩ አሰልቺ ነው ግን ጠቅሞኛል። ብሬድቦርዱ ላይ የነበረው አርዱዊኖ ናኖ ስለሆነ ክሪስታሉ፣ ሪሴት ላይ ያለው ሬዚስተርና 100 ናኖፋራድ ካፓሲተሮቹ እዚያው ናኖው ላይ ናቸው፣ እኔ አላያቸውም ነበር። ባዶውን ATmega328P ቺፕ ስጠቀም ሁሉም የኔ ዕዳ ሆኑ።

ከዚያ ስህተቴን ሠራሁ። ቦርዷ ትንሽ እንድትሆን ብዬ እግሮቹ ቀዳዳ ውስጥ የሚገቡትን ትራንዚስተር ትቼ ቦርዷ ላይ ላዩን የሚበየደውን ትንሹን MMBT3904 መረጥኩ። ያው አንድ ትራንዚስተር ነው አይደል? ስለዚህ የ2N3904 ምልክቱን ሳልነካ ፉትፕሪንቱን፣ ማለትም ቦርዱ ላይ እግሮቹ የሚያርፉባቸውን ፓዶች ብቻ፣ ወደ SOT-23 ቀየርኩት።

ችግሩ ቁጥሩ ላይ ነው። በትልቁ 2N3904 እግር 1 ኤሚተር፣ 2 ቤዝ፣ 3 ኮሌክተር ነው። በትንሹ ግን 1 ቤዝ፣ 2 ኤሚተር፣ 3 ኮሌክተር ነው። ሶፍትዌሩ የሚያገናኘው በቁጥር ብቻ ስለሆነ ፓድ 1 ግራውንድ ላይ ሄደ፣ ፓድ 2 ደግሞ ሬዚስተሩ ላይ። የሶፍትዌሩ መፈተሻዎችም ዝም አሉ፦ ስኬማቲኩን የሚፈትሸው ERC አለፈ፣ ቦርዱን የሚፈትሸው DRC አለፈ። እነሱ የሚያዩት የስኬማቲኩን ግንኙነቶችና ቦርዱ ከእሱ ጋር መስማማቱን ነው እንጂ እቃው ውስጥ ምን እንዳለ አያውቁም። በልኩ ወረቀት ላይ አትሜ እቃዎቹን ላዩ ላይ አስቀምጬ አይቼ ነበር፣ ልክ ገጠሙ። ወረቀት ደግሞ የሚናገረው መጠኑን ብቻ ነው።

ቦርዶቹ ሲመጡ በየደረጃው በየድኩ። ምንም ሳልበይድ በመልቲሜትር ከ5 ቮልት ወደ ግራውንድ ለካሁ፣ አልጮኸም። ካፓሲተሮቹን ከበየድኩ በኋላ ስለካ ቁጥሩ ከዝቅተኛ ጀምሮ ሽቅብ ወጣ፣ ያ ጤነኛ ነው፣ እየሞሉ ነው ማለት ነው። ከዚያ ቺፑን በይጄ፣ ፓወር ሰፕላዩን 5 ቮልት ላይ አድርጌ ከረንቱን 50 ሚሊ አምፔር ላይ ገደብኩትና አበራሁ። 12 ሚሊ አምፔር ገደማ ወሰደ። ኤልኢዲዋ ብልጭ ድርግም አለች። እፎይ!

ቀጥዬ ሪሌዩንና ትራንዚስተሩን በየድኩ፣ ገደቡንም ወደ 150 ከፍ አደረግኩ፣ ምክንያቱም የሪሌዩ ኮይል ብቻውን ወደ 70 ይፈልጋል። ሰዓቱ ደረሰ፣ ምንም የለም። ጠቅ የለም።

መጀመሪያ ኮዱን ጠረጠርኩ፣ እንደ ሁሌው። D7 ላይ ስለካ ግን 5 ቮልት አለ። በትዊዘር የኮሌክተሩን ፓድ ለአፍታ ከግራውንድ ጋር ሳነካካው ሪሌዩ ጠቅ አለ፣ ስለዚህ ሪሌዩ ደህና ነው። ከዚያ ከሬዚስተሩ ወዲያ፣ በትራንዚስተሩ በኩል ያለውን ጫፍ ለካሁ። እዚያም 5 ቮልት! እዚህ ላይ ነው የነቃሁት። የሚሠራ ትራንዚስተር ቤዙ ላይ ወደ 0.7 ቮልት ነው የሚያሳየው፣ የቀረውን ሬዚስተሩ ይወስደዋል። ሬዚስተሩ ላይ ምንም ካልቀነሰ ከረንት አያልፍም ማለት ነው። ዳታሺቱን ከፈትኩ፣ የእግሮቹን ቁጥር አየሁ፣ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ።

እቃው አልተቃጠለም። 5 ቮልት በግልባጭ ቢያርፍበትም MMBT3904 ከኤሚተር ወደ ቤዝ እስከ 6 ቮልት ይችላል። በ12 ቮልት ቢሆን ኖሮ ሌላ ታሪክ ነበር።

ማስተካከያው ያስቃል። የSOT-23 እግሮች በሦስት ማዕዘን ስለተቀመጡ በጀርባው ሲገለበጥ 1 እና 2 ቦታ ይለዋወጣሉ፣ 3 ግን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ነቅዬ ሆዱን ወደ ላይ አድርጌ መልሼ በየድኩት። እግሮቹ ከፓዱ ትንሽ ከፍ ስለሚሉ ሶልደር በዛ ማድረግ ያስፈልጋል፣ መልኩም የሞተ ጥንዚዛ ይመስላል። አበራሁ። ጠቅ!

ስኬማቲኩ ላይ ምልክቱን ወደ `Q_NPN_BEC` ቀይሬ ሁለቱን ትራኮች መልሼ ዘርግቻለሁ፣ አሁን ከማዘዜ በፊት የእያንዳንዱን ባለ ሦስት እግር እቃ ቁጥር ከዳታሺቱ ላይ በእስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ እጽፋለሁ። የተረፉት አራት ቦርዶች ግን አይጣሉም፣ እነሱም ላይ ጥንዚዛው ተገልብጦ ይበየዳል።