ሰዓቷን ያጣችው ሯጭ

የምሠራው ስታዲየም አካባቢ ባለች ትንሽ የኅትመት ቢሮ ውስጥ ነው። የጎዳና ላይ ሩጫ ሲኖር የውጤት ሠንጠረዥ እናዘጋጃለን። የሯጮቹን ሰዓት የሚመዘግበውን ቺፕ የሚያነቡት ሌሎች ናቸው። እነሱ ፋይሉን ይልኩልናል፣ እኛ አስተካክለን እናትማለን። ወረቀቱ መስቀል አደባባይ ቦርድ ላይ ይለጠፋል።

በኅዳር 2016 የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ነበር። አዘጋጆቹ ያዘዙን ሁለት ዓይነት ዝርዝር ነው። አንዱ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በደረጃ የተደረደረ፣ ሌላው በዕድሜ ምድብ የተከፈለ። ገና ስንለጥፍ ሰው ቦርዱን ከበበው። አብዛኛው ሰው ስንተኛ እንደወጣ አያውቅም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ወረቀት ጀምሮ በጣቱ እየተከተለ ይወርዳል። ሁሉም እዚያው አንድ ወረቀት ፊት ይጋፋል፣ የኋለኞቹ ወረቀቶች ፊት ደግሞ ማንም የለም።

ከዚያ መሐል አንዲት ሴት ወደ እኔ መጣች። "ወንድሜ፣ እኔ እኮ ጨርሻለሁ። ሜዳሊያዬም ይኸው። ስሜ ግን የለም። ቺፑ አላነበበኝም ማለት ነው?" አለችኝ። የት እንደፈለገች ጠየቅኳት። የደረጃው ዝርዝር ጋ መጠጋት ስላልቻለች "ሴቶች ከ35 እስከ 39" የሚለውን ነበር ያየችው። እውነትም እዚያ የለችም። ላፕቶፑ ላይ በደረት ቁጥሯ ፈለግኳት። ወዲያው ወጣች። ያለችው ግን "ከ45 እስከ 49" ውስጥ ነው፣ ሦስተኛ ሆና።

"ኧረ በእግዚአብሔር! አርባ አምስት? የተወለድኩት እኮ በ78 ነው!" አለች።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። የምዝገባው ፎርም የሚጠይቀው የትውልድ ዓመት ብቻ ነበር። በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይልም። እሷ እንደ አብዛኛው ሰው በእኛው አቆጣጠር 1978 ብላ ጽፋለች። ፕሮግራሙ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። ከ2023 ላይ 1978ን ቀንሶ 45 አላት። በእኛ ቢሰላ ኖሮ ከ2016 ላይ ሲቀነስ 38 ነበር የሚሆነው። ሰባት ዓመት ጨመረባት ማለት ነው። ውድድሩ ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላ ቢሆን ኖሮ ስምንት ይጨምርባት ነበር።

ክፋቱ ምድቦቹ የአምስት የአምስት ዓመት መሆናቸው ነው። ሰባት ዓመት ከአምስት ይበልጣል። ስለዚህ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ከጻፈው ሰው መሐል በራሱ ምድብ የቀረ አንድም የለም። ሁሉም ወይ አንድ፣ ወይ ሁለት ምድብ ወደ ላይ ሄዷል። በፈረንጅ አቆጣጠር የጻፉት ደግሞ በትክክለኛው ቦታቸው ተቀምጠዋል። ሁለቱ ተደባልቀው አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገቡ ዓይን ምንም አይጠራጠርም። ሠንጠረዡ ጥርት ያለ፣ ሰዓቱም በቅደም ተከተል ነው።

ምልክቱ ግን እዚያው ወረቀቱ ላይ ነበር። ከ20 ዓመት በታች የሚለው ምድብ ባዶ ለመሆን ጥቂት ነበር የቀረው። በአደባባዩ ላይ ግን ጎረምሳው ተኮልኩሏል። በ2000 ዓ.ም. የተወለደ የ16 ዓመት ልጅ 23 ተብሎ ከትላልቆቹ ጋር ተመድቧል። አሁን ማንኛውም የምድብ ሠንጠረዥ ሲደርሰኝ ማንንም ስም ከማየቴ በፊት በየምድቡ ስንት ሰው እንዳለ ነው የማየው። ታችኛው ሳስቶ ላይኛው ከወፈረ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው አቆጣጠሩን ነው።

አለቃዬ ጋ ሮጥኩ። የምድብ ሽልማት ሊጠራ ነበር። "ከሁሉም ላይ ሰባት ብንቀንስስ?" አለኝ። አይሆንም፤ በፈረንጅ የጻፉትንና የውጭ አገር ሰዎቹን እናበላሻለን። ከአዘጋጆቹ ጋር ተነጋግረን አጠቃላይ አሸናፊዎቹ መጀመሪያ እንዲሸለሙ አደረግን። እስከዚያ ዕድሜያቸው በሁለቱም አቆጣጠር ሲሰላ ወደ ሽልማት ሊገቡ የሚችሉትን ብቻ ለይተን ስልክ ደወልንላቸው። ሴትየዋ በትክክለኛው ምድቧ አምስተኛ ሆነች። ሦስተኛነቱን አጣች፣ ግን ሰዓቷን አገኘች። የፈለገችውም እሱን ነበር።

ከዚያ ወዲህ አሠራራችንን ቀየርን። ፎርሙ ላይ ጥያቄው "በውድድሩ ቀን ዕድሜዎ ስንት ይሆናል?" ሆነ። በብዙ የጎዳና ውድድሮች ምድብ የሚወሰነው በዚያው ቀን ባለ ዕድሜ ስለሆነ፣ አቆጣጠር ውስጥ ሳንገባ የምንፈልገውን እናገኛለን።

ዋናው ለውጥ ግን ቦርዱ ላይ ነው። የደረጃው ዝርዝር ለጋዜጠኛና ለአሠልጣኝ ይሆናል። ሰዓቱን ለሚፈልግ ተራ ሯጭ የሚለጠፈው በደረት ቁጥር የተደረደረው ነው። ቁጥሩ ደረቱ ላይ ስላለ ማስታወስ አያስፈልገውም። በየወረቀቱ አናት ላይ "ከ1201 እስከ 1250" ብለን ከሩቅ በሚነበብ ፊደል እንጽፋለን። ሰውም በራሱ ጊዜ ይበተናል፣ እያንዳንዱ ወደ ራሱ ወረቀት ይሄዳል። ሰዓቱን ከስሙ አጠገብ አደረግነው። ድሮ ስሙ ግራ ጥግ፣ ሰዓቱ ቀኝ ጥግ ነበር፤ ዓይን መንገድ ላይ መስመር ስቶ የጎረቤቱን ሰዓት ይዞ የሚሄድ ብዙ ነበር። መጀመሪያ የሚመጣውም የቺፑ ሰዓት ነው፣ ሯጩ ራሱ የመነሻውን መስመር ካለፈበት የተቆጠረው። ከኋላ የተነሳ ሯጭ መነሻው መስመር ላይ ለመድረስ ብቻ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ማስጀመሪያው ከተሰማበት የተቆጠረውን ብቻ ካየ፣ ከእጅ ሰዓቱ ጋር ስለማይገጥም "የእኔ አይደለም" ብሎ ያልፈዋል።

ቁጥሩን አውልቆ ለጣለ ሰው የስም ዝርዝርም አለን። እሱ ሌላ ጣጣ ነበረው። ኮምፒውተር ፊደላችንን የሚደረድረው በቅርጽ እንጂ በድምፅ አይደለም። ሀይሉ፣ ሐይሉ እና ኃይሉ ሦስት ቦታ ይበተናሉ። በሠ እና በሰ መካከል ረ ስለሚገባ፣ ሠላም እና ሰላም መሐል ረድኤት እና ሮቤል ይገኛሉ። መዝጋቢው ስሙን በየትኛው ፊደል እንደጻፈው ሯጩ አያውቅም። ስለዚህ አንድ የማይታተም ዓምድ ጨመርን። እዚያ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነሙሉ ዝርያቸው ይቀየራሉ። ሃ እና ሀ፣ ኣ እና አ ሳይቀሩ አንድ ይሆናሉ። ድርደራው በእሱ ይሆናል፣ የሚታተመው ግን ሰውየው እንደተመዘገበው ነው። ስምና የአባት ስም ተመሳሳይ የሆኑ ሰዎች ብዙ ስለሆኑ የአያት ስምም እንጨምራለን።

የምድቡ ሠንጠረዥ አሁንም አለ፣ ከጎን ይለጠፋል። ፎርሙ ላይ ዕድሜውን ሳይጽፍ የቀረ ሯጭ እዚያ አይገባም። በደረት ቁጥሩ ዝርዝር ውስጥ ግን ከነሰዓቱ አለ፤ የምድቡ ቦታ ላይ "ዕድሜ አልተሞላም" የሚል ይጻፍበታል፣ ከሥሩም የሚያርመውን ሰው ስልክ ቁጥር እናስቀምጣለን።