«የእናቶቻችን ዜማ ነው»

ሥራው የአንድ ባንክ የእንቁጣጣሽ ስፖት ነበር፤ ውጭ ያለው ወገን ለበዓል ገንዘብ እንዲልክ የሚጋብዝ። አጭሩ ለቴሌቪዥን፣ ሙሉው ለዩቲዩብ። ቀረጻው አምሯል። ከሥር የገባው «አበባየሆሽ» ደግሞ በማሲንቆና በኪቦርድ የተቀናበረ፣ ገና መግቢያው ላይ ሆድ የሚያባባ ነው። ፋይል አጠናቅቆ የማስወጣው ነገር በእኔ ስለሆነ ድምፁ ከየት እንደመጣ ጠየቅኩ።

«ቴሌግራም ላይ ተልኮልኝ ነው» አለ አካውንት ማናጀሩ። «ኖ ኮፒራይት ነው፤ ስሙ ላይ ራሱ ተጽፏል።»

እውነትም የፋይሉ ስም `Enkutatash_instrumental_no_copyright.mp3` ይላል። የፋይል ስም ግን ማንም እንደፈለገው ይጽፈዋል። ምንጩን ስፈልግ አንድ የዩቲዩብ ቻናል ላይ አገኘሁት፤ ከቪዲዮው ሥር `No copyright infringement intended` የሚል ተጽፏል። የጫነው ሰው «ንብረቱ የሰው ነው፤ ለክፋት ግን አይደለም» እያለ ነው። አውርዶ ቴሌግራም ላይ የበተነው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት ብቻ ቆርጦ ፈቃድ አደረጋቸው።

ይህን ስነግረው የመለሰልኝ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

«አንቺ ደግሞ! አበባየሆሽ እኮ የእናቶቻችን ዜማ ነው። ማንን ነው የምናስፈቅደው? እናቴን?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ኤዲተሩ ሳይቀር ሳቀ፤ እሱ እንኳን ያውቃል።

«ዜማው የማንም አይደለም» አልኩት። «እናትህ ብትዘፍነው የሚጠይቃት የለም። ይሄ ግን አንድ ሰው ያቀናበረው፣ አንድ ሰው ማሲንቆ የመታበት፣ አንድ ሌላ ሰው ከፍሎ ስቱዲዮ ያስቀረጸው ነው። ዜማውን እንጂ ቅጂውን በነፃ መውሰድ አንችልም።»

«ከሕዝብ ዘፈን ላይ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ ይፈር!» አለና ስልኩን አንስቶ ወጣ።

ክርክሩን እንዳሸነፈ ሁሉም አምኗል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን ከዋኙንና የድምፅ ቅጂውን ፕሮዲዩሰር የሚጠብቀው ከዜማው ለይቶ ነው፤ የሁለቱም የጥበቃ ዘመን 50 ዓመት ነው። ዘፈኑ የቱንም ያህል የቆየ ቢሆን ቅጂው የትናንት ከሆነ ጥበቃውም ገና ትናንት ነው የጀመረው።

ከመጨቃጨቅ ብዬ ስፖቱን በራሳችን የሙከራ ቻናል ላይ `Private` አድርጌ ጫንኩት። ዩቲዩብ ቪዲዮ ሲጫን `Checks` የሚባለው ደረጃ ላይ ድምፁን ካሉት ቅጂዎች ጋር ያመሳክራል። ብዙም ሳይቆይ ክሌም መጣ፤ ከስንተኛው ሰከንድ እስከ ስንተኛው እንደተወሰደ፣ ባለመብት ነኝ ባዩ ማን እንደሆነ ጭምር። (ክሌም ባይመጣም ኖሮ ፈቃድ አለን ማለት አልነበረም። የአገራችን ሥራ ብዙው እዚያ መዝገብ ውስጥ ገና አልገባም፤ ቴሌቪዥን ጣቢያ ደግሞ እንዲህ ያለ ማጣሪያ የለውም።) ገጹን ስክሪንሾት አድርጌ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩ። ማናጀሩ አውራ ጣት ሰጠኝ። ማየቱን ይሁን መስማማቱን አላወቅኩም፤ ያን ማታ ግን ለክላየንት ለማሳያ የላክነው ፋይል ባንኩ ገጽ ላይ ወጥቶ አደረ።

ክሌም ማለት ቪዲዮው ይወርዳል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ባለመብቱ እንዲቆይ ይተወውና ማስታወቂያ እንዲገባበት ያደርጋል፤ ገቢው ወደ እሱ ይሄዳል። እዚህ አገር ሆነን ስናየው ምንም አልነበረውም። አሜሪካ ያለ አንድ ደንበኛ ግን ባንኩ ገጽ ላይ ኮሜንት ጻፈ፦ «የናንተን ማስታወቂያ ልከፍት ስል መጀመሪያ የሌላ ገንዘብ አስተላላፊ ማስታወቂያ ነው የመጣብኝ፤ ከነሱ ጋር ትሠራላችሁ እንዴ?» የባንኩ የማርኬቲንግ ኃላፊ ስትደውል ድምጿ ጭራሽ አልጮኸም። እንዲያ ስትሆን ነው የምትፈራው።

«ዲስፒውት እናድርገው፤ የባህል ዘፈን ነው እንበላቸው» አለ ማናጀሩ። የክሌሙ ጉዳይ ቅጂው እንጂ ዘፈኑ አልነበረም፤ እንደዚያ ብንጽፍ ባለመብቱ መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው፤ በዓሉ እስከዚያ ያልፋል። ውድቅ አድርጎ ቪዲዮው እንዲወርድ ከጠየቀ ደግሞ ባንኩ ቻናል ላይ ስትራይክ የሚባለው የዩቲዩብ ቅጣት ያርፋል። ከዚህ በኋላ ማንም ስለ እናቱ አላነሳም።

ዜማው እንደገና ይቀረጽ ተባለ። ስቱዲዮ ስንገባ ኪቦርድ ተጫዋቹ ሙቀት ለመውሰድ ብሎ የጀመረው ያንኑ የድሮውን ቅጂ መግቢያ ነው። ጆሮው ላይ ስለቀረ አይፈረድበትም። አስቆምኩት፤ ምክንያቱም ያ መግቢያ የሕዝቡ ዜማ ውስጥ የለም፣ አቀናባሪው ራሱ የጨመረው ነው። እሱን ብንደግም ቅጂውን ባንነካም የሰውዬውን ቅንብር ወሰድን ማለት ነው። ልጆች ሲዞሩ እንደሚሉት ከከበሮና ከጭብጨባ ተነሱ አልኳቸው። ሆነላቸው።

ውሉ አንድ ገጽ ነበር፤ የት የት እንደሚተላለፍ፣ በየትኞቹ አገሮች፣ ለየትኛው ምርት፣ እስከ መቼ። ለዘፈኑት ልጃገረዶች ወላጆቻቸው ፈረሙ። ማናጀሩ ጊዜው የሚጻፍበት መስመር ላይ «ለዘላለም» ብሎ አስገብቶ ነበር። ኪቦርዱ አላነበበውም፣ ስቱዲዮውም አላነበበውም። ማሲንቆ ተጫዋቹ ግን መነጽሩን አውጥቶ ቀስ እያለ አነበበና፣ «ዘላለምማ የእግዚአብሔር ነው፤ እኔ ሁለት ዓመት ነው የማውቀው» አለ። ሁለት ዓመት ተብሎ ተስተካከለ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የፈቃድን ነገር ሳይነገረው የገባው እሱ ብቻ ነው።

አዲሱ ስፖት ተወደደ። በግምገማው ላይ ማናጀሩ «ኦሪጅናል ሳውንድ እንሥራ ያልነው ለዚህ ነበር» ሲል ሰማሁት፤ ማኪያቶዬን ጠጣሁ። በበኩሌ ለእያንዳንዱ ሥራ የሚሞላ ቅጽ አዘጋጀሁ፦ ፎንት፣ ፎቶ፣ ሙዚቃ፤ ከየት እንደመጣ፣ ላይሰንሱ ለንግድ ሥራ ይፈቅድ እንደሆነ፣ ማረጋገጫው የት እንደተቀመጠ። እስካሁን በትጋት ይሞላል። ፎንት የሚለው ላይ «ኮምፒውተሩ ላይ ነበር» ይላል። ፎቶ የሚለው ላይ «ጉግል»። አንዱ ዲዛይነር `Editorial use only` የሚል ፎቶ አምጥቶ «ኤዲት ማድረግ ይቻላል ማለት ነው» ብሎ ጽፎልኛል፤ ለዜና እንጂ ለማስታወቂያ የማይሆነውን ፎቶ።

ሁለቱ ዓመት አልቆ እንደገና ነሐሴ ሲመጣ ማናጀሩ ጠረጴዛዬ ጋ ቆመ።

«ያንን የራሳችንን ሙዚቃ ዘንድሮም እናውጣው፤ ባንኩ ፈልጎታል።»

«የማሲንቆው ውል አልቋል።»

«የራሳችን ቅጂ ላይ እንደገና ልንከፍል?»

ስልኩን ሰጠሁት። ራሱ ደወለ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ረጅም ጊዜ አወራ። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል።

«እጥፍ ነው የሚለው። ‹ሌላ ባንክ ቀድሟችሁ ደውሎልኛል› አለኝ።»