ዋና ገበያ የሄደችው ማን ናት?

የዳክዬዋ ስም ዋና ነበር። ስለምትዋኝ፣ ስሙም በሁለት ፊደል ብቻ ስለሚጻፍ፣ ለተከታታይ የሥዕል መጻሕፍት ከዚህ የተሻለ አይገኝም ብዬ ነበር። ሦስት ታሪክ ጽፌ፣ የመጀመሪያውን የሙከራ ቅጂ ይዤ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ ወደሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ሽፋኑን ጮክ ብለው አነበቡት፦ «ዋና ገበያ ሄደች።» ከዚያም ቀና ብለው፣ «ወደ ዋናው ገበያ የሄደችው ማን ናት ልጄ?» አሉኝ።

እኔ አላልቼ የጻፍኩትን እሳቸው አጥብቀው አነበቡት። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ አንባቢ የሚፈርደው ከጎን ባለው ቃል ነው፤ እኔ ደግሞ ከጎኑ «ገበያ»ን አስቀምጬ ነበር። ሁለተኛው መጽሐፍ «ዋና መንገድ ጠፋባት» ይል ነበር፤ እሱማ ጭራሽ ስለ አውራ ጎዳና የሚያወራ ይመስላል። ሦስተኛው «ዋናና ዝናቡ» ነው። የጎረቤቴ ልጅ «ዋና» ብላ ቆመች፤ ቀጥሎ የመጣውን «ና» ሰው መጥራት አድርጋ አነበበችው። በአንዳንድ መዝገበ ቃላት እንደሚደረገው በፊደሉ ላይ ነጥብ ልጨምር አሰብኩ። ነገር ግን ነጥቡ የሚጠብቀውን እንጂ የሚላላውን አያመለክትም፤ የአምስት ዓመት ልጅም ነጥቡን አታውቀውም።

ስለዚህ አዲስ ስም ፍለጋ ገባሁ። ለእያንዳንዱ እጩ አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ጻፍኩ፦ ስሙ ብቻውን፣ ከ«ን» ጋር፣ ከ«ና» ጋር፣ ከፊቱ «የ» ገብቶ። ከዚያ ስሙን ሳልነግራቸው ለልጆች ሰጥቼ ጮክ ብለው እንዲያነቡ አደረግሁ። አንድ ልጅ እንኳ ከተደናቀፈ ስሙን ሰረዝኩ። «ጸዳል»ን በጣም ወድጄው ነበር፤ ግን አንዱ በ«ጸ» ሌላው በ«ፀ» ስለሚጽፈው በስልክ የሚፈልግ ወላጅ ላያገኘው ይችላል። «ሚሚ»ን የተውኩት በሌላ ምክንያት ነው። በየሰፈሩ ሚሚ የምትባል ልጅ አለች፤ ሌሎቹ ዳክዬ እያሉ ሲያበሽቋት ታየኝ።

በመጨረሻ ሠዓሊው የሣላትን ክብ ሆድ እያየሁ «ድምቡሽቡሽ» አልኩና ግማሹን ቆረጥኩት፦ ድምቡሽ። መጨረሻው ላይ ያለው «ሽ» «ያንቺ» የሚል እንዳይመስል ፈርቼ ነበር፤ ግን «ድምቡ» የሚባል ነገር ስለሌለ ማንም አልተሳሳተም። «ድምቡሽን»፣ «ድምቡሽና»፣ «የድምቡሽ» ሁሉም ያለ እንቅፋት ተነበቡ። ሴት መሆኗንም ግሱ ስለሚናገር ከስሙ ጋር «እሜቴ» ምናምን መጨመር አላስፈለገኝም። አሁን በሽፋኑ ላይ ስሟ ብቻውን በትልቁ ይቀመጣል፤ የእያንዳንዱ መጽሐፍ ርዕስ ከሥሩ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ይመጣል።

አዲሱን ቅጂ ይዤ ወደ ሽማግሌው ተመለስኩ። «ድምቡሽ ገበያ ሄደች» ብለው አነበቡና ገጹን ገለጡ።

«ምን ልትገዛ?»